ውሻ በወር ስንት ያስወጣል? የድሬዳዋ ሂሳብ

የእህቴ ልጅ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ግቢ ያለው ቤት ተከራየ። እሱ ማታ ስለሚሠራ ሚስቱ ብቻዋን ታመሻለች። ስለዚህ ውሻ ለማሳደግ አስበዋል። ደወለልኝና «አክስቴ፣ ውሻ በወር ስንት ይበላል?» አለኝ። «የሚበላውን ነው የምትጠይቀኝ ወይስ የሚያስወጣውን?» አልኩት። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የምግቡን ብር ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ በየቀኑ ከኪስ ሲወጣ ይታያልና። ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ግን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ድንገት የሚመጣው ወጪ ነው። እኔ ድንገተኛውንም የወር ወጪ አድርጌ ነው የምይዘው። እንዴት እንደምይዘው ለእሱ በስልክ ያስረዳሁትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሂሳቡ የሚጀምረው ከኪሎ ነው። የምግቡም፣ የትል መድኃኒቱም፣ የሕክምናውም መጠን በውሻው ክብደት ነው የሚወሰነው። ትንሽ ውሻ ከሆነ አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ። ከዚያ ለብቻችሁ ተመዘኑና ቀንሱት። የእኔ ውሻ ነብሮ ይባላል። ተራ የሀበሻ ውሻ ነው፤ ዕድሜው አራት ዓመት፣ ክብደቱ 15 ኪሎ። ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ የምታዩት አብዛኛው ውሻ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እዚህ የምጠቅሰው ዋጋ እኔ ከዚራ አካባቢ ሆኜ የከፈልኩት ነው። ዋጋ ዛሬ የተጻፈው ነገ ይቀየራል። መጠኑን ያዙና የሰፈራችሁን ዋጋ አባዙበት።

15 ኪሎ የሆነ፣ ግቢ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጎልማሳ ውሻ በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። ያንን እኔ በሩዝና በሳንባ ነው የምሞላው። ደረቅ ሩዝ 150 ግራም፣ የበሬ ሳንባ 250 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ትንሽ ካሮት ወይም ዱባ። ይህ ሲደመር 900 አካባቢ ይመጣል። ሲወፍር ሩዙን እቀንሳለሁ። የጎን አጥንቱን በእጄ ስዳብሰው መቆጠር አለበት፤ ከሩቅ ግን መታየት የለበትም። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ቤት ውስጥ አላገኘሁም። በሙቀቱ ወራት ራሱ ይቀንሳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግማሹን ትቶ ጥላ ሥር ቢተኛ አልደነግጥም፤ ማታ ሲበርድ ተመልሶ ይበላዋል።

ሳንባ የመረጥኩት ርካሽ ስለሆነ ነው። ሰው ብዙም አይፈልገውም። ድሬ ላይ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለ። በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የሙስሊሞቹ ክፍት ናቸው። ሌላ ከተማ ያሉ ጓደኞቼ በጾም ለውሻቸው የሚሰጡት ያጣሉ። እኔ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ እገዛለሁ። መያዣዬን ከቤት ይዤ ነው የምሄደው። ለውሻ መሆኑን ባለ ሥጋ ቤቱ ያውቃል፤ ዕቃውን ከውሻ ነገር ጋር እንዲያነካካ አላስገድደውም። ጎረቤቶቼም አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ነብሮ ወደ ደጃቸው እንዳይሄድ የግቢው በር ሁሌም ዝግ ነው። ለአጥሩና ለበሩ ያወጣሁት ብር በወር ሂሳቡ ውስጥ የለም፤ ውሻ ሳይገባ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ሳንባውን ጥሬውን አልሰጥም። ይህ የእጅ ንጽህና ወይም የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን የከብት፣ የበግና የግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ብዙ ጊዜ ይገኛል። በውስጡ የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል ዘር አለ። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ትሉ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን አይለይም። ውሻውም አይታመምም፤ ደህና ነው የሚመስለው። እንቁላሉ ግን በሰገራው ይወጣና በአፈርና በፀጉሩ በኩል ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ሰው ላይ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ዕጢ ይመስል ለዓመታት ያድጋል። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ነው። በደንብ መቀቀል ይህን ሁሉ ያስቀራል። እኔ ቆራርጬ፣ መሃሉ ቀይ እስከማይሆን ድረስ አፈላዋለሁ። ሩዙን በዚያው መረቅ አበስለዋለሁ። የሁለት ቀን አንድ ላይ ሠርቼ ፍሪጅ አስገባለሁ፤ ከሁለት ቀን በላይ አላቆየውም፤ መብራት ሲጠፋ ይበላሻልና።

የእህቴ ልጅ «ትራፊ አይበቃውም እንዴ?» አለኝ። ትራፊ እንጀራ ይሆናል። ትራፊ ወጥ ግን አይሆንም። ወጣችን ሁሉ የሚሠራው በሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። መብሰሉ ጉዳቱን አያጠፋውም። አንድ ጊዜ እንጀራ ላይ የቀረ ጠብታ ውሻ አይገድልም። በየቀኑ የወጥ ድስት የሚልስ ውሻ ግን ቀስ በቀስ ደሙ ያንሳል። ከዚያ ሲዳከም «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ክሊኒክ ይወሰዳል። በትራፊ የተቆጠበው ብር እዚያ ይከፈላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ያው ነው። ሲበስል ይደርቅና ተሰባብሮ እንደ ስንጥር ይሆናል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ሩዝና ሳንባ ብቻውን ከሁሉ በላይ የሚጎድለው ካልሲየም ነው። አጥንት ስለማልሰጥ የእንቁላል ቅርፊት አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ዱቄት እስኪሆን ድረስ ነው የምወቅጠው። በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለነብሮ ይበቃዋል። ይህ ምንም ብር አያስወጣም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ከሳንባው የተወሰነውን በእንቁላል ወይም በትንሽ ጉበት እተካዋለሁ።

አሁን ብሩ። ሩዝ በወር አራት ኪሎ ተኩል፣ በ120 ብር፣ 540 ይሆናል። ሳንባ ሰባት ኪሎ ተኩል፣ በ150 ብር፣ 1,125። ዘይት ግማሽ ሊትር ገደማ፣ 150። ካሮትና ዱባ 125። ለከሰል 260 እይዛለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል፤ ሳንባ ለማፍላት ግን ከሰሉ ይነዳል። ድምሩ 2,200 ብር። ምግቡ ይኸው ነው። የታሸገ የውሻ ምግብ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ለእኔ ኪስ አይሆንም፤ አላሰላሁትም።

ቀጥሎ ያለው በዓመት አንዴ ወይም ጥቂት ጊዜ የሚመጣው ነው። ክትባት ስትከፍሉ የዚያን ወር ኪስ ያናጋል፤ ከዚያ ይረሳል። እኔ ዓመቱን ደምሬ ለ12 አካፍለዋለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዓመት አንዴ 300 ብር ከፈልኩ። ለዲስቴምፐር፣ ለፓርቮና ለሌሎችም የውሻ በሽታዎች አንድ ላይ የሚሆነው ጥምር ክትባት 1,500። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ 200፣ በዓመት 800። ሲደመር 2,600፣ በወር 217 ብር ገደማ። ስለ ትሉ መድኃኒት አንድ ነገር ልጨምር። በየሦስት ወሩ የሚበቃው ጥሬ ሆድ ዕቃ ለማያገኝ ውሻ ነው። ያ ያልኳችሁ ትል በስድስት ሳምንት ገደማ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ውሻችሁ በአረፋ ወይም በፋሲካ ማግስት ሰፈር ለሰፈር ዞሮ የተጣለ አንጀትና ሳንባ የሚለቃቅም ከሆነ በየስድስት ሳምንቱ መስጠት ይኖርባችኋል፤ ወጪው ይጨምራል። ስትገዙም ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን አረጋግጡ። ለሌላ ትል ብቻ የሚሆነው ይህን አይነካውም።

የእብድ ውሻው ክትባት ከሁሉም ርካሹ ነው፤ በዘመቻ በነፃ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። በእኔ ቤት ግን የማይታለፈው እሱ ነው። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ውሻውም ሰውም አይተርፍም ማለት ይቻላል። ውሻችሁ ሰው ቢነክስ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቁት የክትባት ካርዱን ነው። ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ሰውየው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ውሻው አይገደልም፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቃል። ለተነከሰው ሰው የሚሰጠው መርፌ ተደጋጋሚ ነው። የዚያን ወጪ ማን እንደሚሸፍን መቼም ታውቁታላችሁ።

እኛ ከተማ ላይ ክትባት ሲባል ዋጋው ብቻ አይደለም የሚታየው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ድሬ በሙቀቱ ወራት ከሰዓት ላይ ውጭው ከ35 ያልፋል። መብራትም ይጠፋል። ሞቆ የከረመ ክትባት መልኩ አይቀየርም። ብሩ ይከፈላል፣ መርፌው ይወጋል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ውሻው ግን አልተከተበም። ስለዚህ ጠዋት በማለዳ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ብልቃጡን ከፍሪጅ ሲያወጣ አያለሁ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ እጠይቃለሁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ እንዲያውም ጄነሬተሩን ወይም የበረዶ ሣጥኑን ያሳያችኋል። በብልቃጡ ላይ ያለው ስቲከር ካርዱ ላይ መለጠፍ አለበት። ክትባቱን እናንተ ገዝታችሁ የምትወስዱ ከሆነ በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ያዙት፤ ግን በጨርቅ ጠቅልሉት። በረዶው በቀጥታ ነክቶት ቢቀዘቅዝም ይበላሻል።

ከዚህ በኋላ ነው የድሬዳዋ ውሻ ሂሳብ ከሌላው የሚለየው። መዥገር።

እኛ ግቢ ያለው ቡናማው የውሻ መዥገር የሜዳ አይደለም፤ የቤት ነው። ደም ጠጥታ የጠገበችው ሴቷ፣ ግራጫ አተር የምታህለው፣ ከውሻው ላይ ትወርድና ግድግዳ ትወጣለች። ቀና ብላችሁ የማዕዘኑን ስንጥቅ፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የቆርቆሮውን ጠርዝ ብታዩ ታገኟታላችሁ። እዚያ ሆና በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በሌላ አካባቢ ብርድ ሲመጣ ይቀንሳል። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል፤ ፋታ የለም። ስለዚህ ውሻውን ብቻ አጥቦ ግድግዳውን መተው ብር መጣል ነው። በአንድ ወር ውስጥ እንደ ነበረ ይመለሳል።

በወር 250 ብር ለዚህ እመድባለሁ። ውሻውን በመዥገር መድኃኒት አጥበዋለሁ። መድኃኒቱ የተዘጋጀው ለከብት ከሆነ ለውሻ የሚሆነውን አበጣጠር ከሐኪሙ ተቀብዬ ነው፤ ሲበረታበት ያደነዝዘዋልና በግምት አላደርገውም። ከዚያ ማረፊያውን፣ የግድግዳውን ሥርና ማዕዘኖቹን እረጫለሁ። እስኪደርቅ ነብሮም ልጆችም ወደዚያ አይሄዱም። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈኑ አንዴ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ከሁሉም የተሻለ የጠቀመኝም እሱ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ጆሮው ውስጥ፣ በጣቶቹ መሃል፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር በጣቴ እዳብሰዋለሁ። ያገኘሁትን በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዤ በቀስታ እስባለሁ፤ አልጨፈልቀውም። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። መዥገሩ በነከሰ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በሽታው ኤርሊኪያ ይባላል። ድንገተኛውን ወጪ በእሱ ነው የማስረዳው፤ እዚህ ውሻ ያለው ሰው አንድ ቀን ሊገጥመው ስለሚችል።

ባለፈው ሰኔ ነብሮ ጠዋት ምግቡን አሽትቶ ተመለሰ። ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ ተኛ። ያኔ ሙቀት ነው ብሎ መተው ይመጣል። እኔ ዲጂታል ቴርሞሜትር አለኝ፤ 150 ብር የገዛሁት ለውሻው ብቻ ነው። በፊንጢጣ ስለካው 40.1 አለ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ጥቂት ፈቅ ያለ ነው። ግን የድሬ ሙቀትም ያንን ያህል ሊያደርሰው ይችላል። የሁለቱን ልዩነት የማውቀው እንዲህ ነው፤ ጥላ ውስጥ አደርገዋለሁ፣ እግሩንና ሆዱን በውሃ አርሳለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ። ከሙቀቱ የመጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወርዳል፤ ውሻውም ይነሳል። ትኩሳት ከሆነ አይወርድም፤ ወይም ወርዶ ይመለሳል። የእሱ ተመለሰ። ከንፈሩን ገልጬ ድዱን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። የነጣው ቦታ በሁለት ሰኮንድ ውስጥ መቅላት አለበት። ተመለሰ፤ ግን ድዱ ራሱ ወትሮ ከሚቀላው ገርጥቷል። ከዚያ በጀርባው አጋደምኩትና ፀጉር የሌለበትን የብሽሽቱን ቆዳ አየሁ። በመርፌ ጫፍ የተነካካ የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ። በጣት ሲጫኗቸው አይጠፉም። ደም ከቆዳ ሥር እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ወዲያው ባጃጅ ጠራሁ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ መዥገር ነው። ቀጥሎ ደም ቀዳ። ተሕዋሲው በማይክሮስኮፕ አንዳንድ ጊዜ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይታይም። አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም። ዋናው ምልክት ደም የሚያረጋው ሕዋስ፣ ፕሌትሌት የሚባለው፣ በጣም መውረዱ ነው። የነብሮም ወርዶ ነበር። የመዥገሩ ታሪክ፣ ትኩሳቱ፣ ነጠብጣቡና የደሙ ቁጥር አንድ ላይ ሲታይ ሐኪሙ ሕክምናውን ጀመረ። ሽንቱ ቀይ ወይም ቡና የመሰለ እንደሆነም ጠየቀኝ። ቢሆን ኖሮ ከመዥገር የሚመጣ ሌላ በሽታ ይጠረጠራል፤ ባቤሲያ የሚባለው። መድኃኒቱም ሌላ ነው። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መስጠት ኪሳራ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለትኩሳቱ ብሎ የሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አስፒሪን መስጠት ነው። ቀድሞውኑ ደሙ መርጋት ላቃተው ውሻ የሆድ መድማት ይጨመርበታል።

መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ለሰውም የሚታዘዘው ያው። ለነብሮ የታዘዘው በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ በቀን 150 ሚሊግራም፣ ለ28 ቀን። የ100 ሚሊግራሙን ካፕሱል በቀን አንድ ተኩል ማለት ነው፤ በአጠቃላይ 42 ካፕሱል። ሁሌም ከምግብ ጋር ነው የሰጠሁት፤ ከኋላው ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላልና። የእንቁላል ቅርፊቱን ዱቄት በእነዚያ ሳምንታት ከመድኃኒቱ ራቅ ባለ ሰዓት ነበር የምጨምረው፤ ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ውሻ የሚጎዳው። በሁለተኛው ቀን ነብሮ ተነሳ፣ በላ፣ በር ላይ ጮኸ። የዳነ ይመስላል። መድኃኒቱ የሚቋረጠውም ያኔ ነው። ከተቋረጠ ተሕዋሲው ተደብቆ ይቆያል። ውሻው ለወራት፣ አንዳንዱ ለዓመታት ደህና ይመስላል። ከዚያ ይከሳል፣ ከአፍንጫው ይደማል፣ ደሙ በሁሉም ዓይነት ሕዋስ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሕክምናው ውድ ነው፤ የመዳን ዕድሉም ትንሽ ነው። የ42ቱ ካፕሱል ዋጋ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ያወጣሁትን ልቁጠር። ምርመራ 400። የደም ምርመራ 600። ካፕሱሉ በ10 ብር 420። ሲጨርስ ፕሌትሌቱ መመለሱን ለማየት ሌላ የደም ምርመራ 600። ለባጃጅ ኮንትራት፣ ደርሶ መልሱ ሁለት ጊዜ፣ 600። ግቢውን ደግሜ ለማስረጨት 500። ደም እንዲተካ ከሚበላው በላይ ለተጨመረው ጉበትና እንቁላል 400። ድምሩ 3,520 ብር። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ ከሁሉም የሚያንስ ነው ማለት ይቻላል። ትልቁ ምርመራውና መመላለሱ ነው። የክሊኒኩን ዋጋ ብቻ ጠይቆ የሚያሰላ ሰው ከመቶ አርባውን ያህል ያጣዋል።

ይህን ነው ወደ ወር የምመነዝረው። እዚህ ከተማ ላይ በዓመት አንድ እንዲህ ዓይነት መካከለኛ ሕመም እንደሚመጣ ቆጥሬ እይዛለሁ። 3,520 ለ12 ሲካፈል 300 ብር ገደማ። ከዚያ ትልቁ አደጋ አለ። ባጃጅ ይገጨዋል፣ እግሩ ይሰበራል፣ ሌላ ውሻ ይነክሰዋል። ሴት ውሻ ከሆነች ማህፀኗ መግል ሊይዝ ይችላል፤ ያ በጊዜ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ይገድላል። ለእንዲህ ዓይነቱ በሦስት ዓመት አንዴ 9,000 ብር ብዬ ገምቻለሁ፤ በወር 250። አንድ ላይ 550 ብር። እንደ እድር ነው የማየው። ማንም ባይሞትም ወር በገባ ቁጥር ይከፈላል።

ብሩ የሚቀመጥበት ቦታም ያስፈልገዋል። እቁብ አይሆንም፤ ዕጣው የሚወጣው በራሱ ጊዜ ነው፤ ውሻው ደግሞ የሚታመመው በራሱ ጊዜ። ለብቻው የተከፈተ የስልክ ወይም የባንክ ሒሳብ ይሻላል። እኔ ደመወዝ በገባ ቀን አስተላልፌ ረስቼው እኖራለሁ። ዓመቱን ሙሉ ባይታመም አልነካውም። የሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጊዜ ሊታመም ይችላል። 9,000 አካባቢ ሲደርስ ግን ማስቀመጡን አቆምና ከተነካ በኋላ እንደገና እጀምራለሁ።

እንግዲህ ሁሉንም ስንደምር፦ ምግብ 2,200፣ ክትባትና የትል መድኃኒት 217፣ መዥገር 250፣ ድንገተኛ 550። 3,217 ብር። የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ የመጀመሪያውን ቁጥር ነበር፤ ያንን ብቻ ነግሬው ቢሆን አንድ ሺህ ብር ያህል ይጎድለው ነበር። ከባድ ከሆነበት የትኛውን ይቀንስ? ከምግቡ ይጀምር። ከሩዙ ግማሹን በትራፊ እንጀራ መተካት ይቻላል። ሁለት ጎረቤት ተጋርቶ ሳንባውን በአንድ ከሰል ቢያፈላ ይረክሳል። የመዥገሩን 250 ግን እንዳይነካ ለምኜዋለሁ። ያንን ሲቀንስ ድንገተኛው ይጨምራል፤ ቁጠባ አይደለም።

ቡችላ ነው የሚያመጡት፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ይለያል። ጥምሩ ክትባት አንድ ጊዜ አይበቃውም። በስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ተጀምሮ፣ በየሦስት በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ፣ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያልቃል። ምክንያቱ የእናቱ ወተት ነው። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱንም ያከሽፈዋል፤ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የእብድ ውሻው በሦስት ወሩ ይሰጣል። ለክትባት ብቻ የመጀመሪያው ዓመት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እስኪጨርስ ድረስ ሌሎች ውሾች የሚሄዱበት መሬት ላይ አይውረድ። ፓርቮ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ በረኪና በውሃ ተበጥብጦ ነው የሚገድለው። ባለፈው ቤቱን የለቀቀው ተከራይ ቡችላ ሞቶበት እንደሆነ አከራዩን ጠይቁ አልኳቸው። ሞቶ ከሆነ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ ግቢ አይግባ።

መጨረሻ ላይ ሚስቱ ስልኩን ተቀበለችው። «ሁለት ብናደርጋቸውስ? አንዱ ይሰለቸዋል» አለችኝ። ምግቡ፣ ክትባቱና የትል መድኃኒቱ እጥፍ ይሆናል። ርጭቱ አይጨምርም፤ ግቢው ያው ነው፤ ማጠቢያው ብቻ ይጨምራል። የድንገተኛው ብር ግን እጥፍ መሆን አለበት። መዥገሩ የአንድ ግቢ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ሊታመሙ ይችላሉ። በአንዱ ይጀምሩና ሒሳቡ 9,000 ሲሞላ ሁለተኛውን ያምጡ ብያታለሁ።